ሚክሰሩ የቆመበት ቦታ ሁሉ ጆይንት አይደለም



ከቀድሞ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር በብዛት የሚደርሰኝ ጥያቄ ቃሉ እንኳን አይቀየርም። «መምህር፣ ሶሌታ እየሞላን ሚክሰር ተበላሸብንና ቢም ላይ አቆምን። ነገ ቦያካ አፍስሰን ብንቀጥል ችግር አለው?» ጥያቄው ሁልጊዜ የሚመጣው ማታ ነው። መልሱ ግን መታወቅ የነበረበት ጠዋት ነው፤ የመጀመሪያው ከረጢት ሲሚንቶ ሳይቀደድ በፊት።

ስለዚህ አቋሜን ለሁላችሁም በአንድ ላይ ልንገራችሁ። የኮንክሪት ሙሌት የት እንደሚቆም የሚወስነው መሐንዲሱ መሆን አለበት። ሚክሰሩ፣ የአሸዋው ማለቅ ወይም የጀምበሯ መጥለቅ ሊወስኑት አይገባም። በነጋታው የሚፈስሰው ቦያካ ደግሞ በተሳሳተ ቦታ የቆመን ሥራ አያድንም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ያባብሰዋል። ሁለቱንም ላስረዳ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ሙሌት ማቋረጥ በራሱ ጥፋት አይደለም። ትልቅ ሕንፃ በአንድ ቀን አይሞላም፣ መቆም ግድ ነው። አስበን፣ ቦታ መርጠን፣ ጣውላ አቁመን ካቆምን ኮንስትራክሽን ጆይንት ይባላል። ሳናስብ የቀደመው ኮንክሪት ጠጥሮብን አዲሱን ከላዩ ከደፋንበት ግን ኮልድ ጆይንት ነው። የመጀመሪያው የዲዛይን አካል ነው፤ ሁለተኛው ጉዳት ነው።

አሁን በቁጥር እንየው። ከተማችን ውስጥ በየሰፈሩ የምታዩት ዓይነት ሕንፃ እንውሰድ። ወለሉ 18 ሜትር በ12 ሜትር ነው። ኮለኖቹ በሁለቱም አቅጣጫ በየ6 ሜትሩ የቆሙ ናቸው። ሶሌታው 15 ሳንቲሜትር ውፍረት፣ ቢሞቹ 25 በ50 ናቸው። ሶሌታው ብቻውን 32 ሜትር ኩብ ገደማ ይወስዳል። ከሶሌታው በታች የሚወጣው የቢም ክፍል ሲጨመር ጠቅላላው 41 ሜትር ኩብ አካባቢ ይሆናል።

ሳይቱ ላይ ሁለት ሚክሰር አለ እንበል። በአንድ ዙር አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ይገባል። በሜትር ኩብ 350 ኪሎ ከሆነ አንድ ዙር የሚሰጠን የሜትር ኩብ አንድ ሰባተኛ ነው። ጎበዝ ቡድን ከ4 ደቂቃ ትንሽ ባነሰ ጊዜ አንድ ዙር ቢያወጣ አንዱ ሚክሰር በሰዓት 2.2 ሜትር ኩብ ገደማ ይሰጣል፤ ሁለቱ 4.4። ስለዚህ 41 ሜትር ኩቡን ለመጨረስ ምንም ሳይበላሽ፣ ማንም ምሳ ሳይወጣ ከ9 ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። ጠዋት 2:00 ከተጀመረ ከ11:00 በኋላ ያልቃል ማለት ነው። ሶሌታ በሚሞላበት ቀን በግ እንደሚታረድ ለምታውቁ ሰዎች ይህ ስሌት ምን ያህል እንደጠበበ መንገር አያስፈልገኝም።

እንግዲህ ምን ይፈጠራል? ሙሌቱ ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ በ18 ሜትሩ አቅጣጫ ይሄዳል። በሁለት ሚክሰር በሰዓት 2 ሜትር ገደማ ይገፋል። ከቀኑ 6:00 ላይ አንዱ ሚክሰር ቆመ እንበል። በዚያ ሰዓት ግንባሩ ከመነሻው 7.7 ሜትር ላይ ነው። ፎርማኑ «ችግር የለም፣ በአንዱ እንገፋለን» ይላል። በአንዱ ሲገፉ በሰዓት 1 ሜትር እንኳን አይሞላም። ማታ 12:00 ላይ ሲጨልም 13.5 ሜትር ላይ ይደርሱና ያቆማሉ።

13.5 ሜትር የት ነው? የኮለን መስመሮቹ 0፣ 6፣ 12 እና 18 ላይ ናቸው። ስለዚህ ያቆሙት ከኮለን 1.5 ሜትር ርቀት ላይ ነው። እዚያ ቦታ ላይ የቢሙ ሸር፣ ማለትም አንዱን ጎን ወደ ታች ሌላውን ወደ ላይ እየገፋ እንደ መቀስ ቢሙን ሊቆርጥ የሚፈልገው ኃይል፣ ኮለኑ አጠገብ ካለው ግማሽ ያህሉ ነው። ይህን ቦታ ማንም አስቦ አልመረጠውም። የመረጠው ጨለማው ነው።

ሙሌቱ በእቅድ ቢሆን ኖሮስ? ይህ ወለል የተፈጥሮ ማቆሚያ አለው፤ 9 ሜትር ላይ፣ የመካከለኛው ቢም ወገብ። ወለሉን ልክ ለሁለት ይከፍለዋል፣ በየጎኑም 20.5 ሜትር ኩብ ይሆናል። 6:00 ላይ ሚክሰሩ ሲቆም እዚያ ለመድረስ የቀረው 3 ሜትር ኩብ እንኳን አይሞላም። በአንድ ሚክሰር 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። 7:20 ላይ በተዘጋጀው ጣውላ ላይ ያቆማሉ፣ እጃቸውን ታጥበው በጉን ይበላሉ። ሚክሰሩ ባይበላሽ ደግሞ ጣውላውን ማንሳት የማንንም ጊዜ አይወስድም።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ሁሌም አንድ ጥሩ ጥያቄ ያነሳሉ። «ወገብ ላይ እኮ ሞመንቱ ትልቅ ነው። በጣም የሚጎብጥበት ቦታ ላይ ለምን እናቆማለን?» ይህን የገባው ሰው የቀረውን ሁሉ ራሱ ማውጣት ይችላል፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

ቢሙ ሲጎብጥ ከታች ይለጠጣል፣ ከላይ ይጨመቃል። ከታች ያለውን ልጠጣ የሚሸከመው ፌሮው ነው። ፌሮው በጆይንቱ ውስጥ ሳይቆረጥ ያልፋል፣ ኮንክሪቱ በሁለት ቀን መሞላቱ ለእሱ ምንም ማለት አይደለም። ኮንክሪቱማ ልጠጣ አይችልም ብለን በስሌታችን ከመጀመሪያው ትተነዋል። ከላይ ያለው ጭመቃ ደግሞ አሮጌውንና አዲሱን ኮንክሪት ፊት ለፊት እርስ በርስ ይገፋቸዋል፤ ጆይንቱን ይዘጋዋል እንጂ አይከፍተውም። ስለዚህ ሞመንት ለጥሩ ጆይንት ጠላት አይደለም።

ሸር ግን ሌላ ነው። ሸር አንዱን ፊት በሌላው ላይ ሊያንሸራትት ይሞክራል። ያንን የሚከለክለው የሁለቱ ፊቶች ሻካራነትና መያያዝ ነው። ያ ደግሞ በተለያየ ቀን በተሞላ ኮንክሪት ውስጥ ከሁሉም በላይ የምንጠራጠረው ነገር ነው። በእኩል የተጫነ ቢም ላይ ሸሩ ኮለን አጠገብ ከፍተኛ ነው፣ ወገቡ ላይ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ለዚህ ነው የአሜሪካው ኤሲአይ ኮድ የወለል ጆይንት በመካከለኛው ሢሶ ውስጥ ይሁን የሚለው። በ6 ሜትር ቢም ላይ ይህ ማለት ከኮለን 2 ሜትር እስከ 4 ሜትር ድረስ ነው። ሢሶው ጠርዝ ላይ እንኳን ሸሩ ከከፍተኛው አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው።

አንድ ልዩ ሁኔታ አትርሱ። ዋናው ቢም ወገብ ላይ ሌላ ቢም የሚያርፍበት ከሆነ እዚያ ነጥብ ላይ ሸሩ ዜሮ አይደለም። ያው ኮድ በዚያ ጊዜ ከሚያርፈው ቢም ስፋት ቢያንስ ሁለት እጥፍ ራቁ ይላል። የሚያርፈው ቢም ስፋት 25 ሳንቲሜትር ከሆነ ቢያንስ 50 ሳንቲሜትር ማለት ነው።

ቦታው ተመረጠ። ቀጥሎ ቅርጹ ነው። ብዙ ሳይት ላይ ሙሌት ሲቋረጥ ኮንክሪቱ ራሱ እንደፈሰሰ፣ እንደ አሸዋ ክምር ተዳፋት ሆኖ ይቀራል። ይህ ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ የተዳፋቱ ጫፍ እየሳሳ ሄዶ እንደ ቂጣ ይሆናል። እዚያ ጠጠር የለም፣ ቫይብሬተርም አልደረሰበትም፣ ማታ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ሁለተኛ፣ ቅድም ጆይንቱን ይዘጋዋል ያልነው ጭመቃ ፊቱ ዘንበል ካለ ይገፋና ያንሸራትተዋል። ስለዚህ ፊቱ ቀጥ ብሎ፣ ከቢሙ ጋር 90 ዲግሪ ሠርቶ መቆም አለበት።

ለዚህ የሚያስፈልገው ጣውላ ነው። ፌሮዎቹ በሚያልፉበት ልክ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይቆረጣል። የታችኛውና የላይኛው ፌሮ ስላለ ሁለት ቁራጭ ቢሆን ለመግጠምም ለማውጣትም ይቀላል። በፌሮው ዙሪያ የሚቀረውን ቀዳዳ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ወይም በስፖንጅ ድፈኑት። ካልተደፈነ ውሃውና ሲሚንቶው ሾልኮ ይወጣና ጠጠሩ ብቻውን ይቀራል፤ ጠንካራ መሆን ያለበት ፊት የንብ ቀፎ ይመስላል። አንድ አናጢ ይህን ሥራ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ግን ከሙሌቱ በፊት ባለው ቀን ነው፤ ኮንክሪት እየመጣ ማበጠሪያ የሚቆርጥ ሰው አይገኝም።

ከጣውላው ጋር አብሮ የሚሄድ፣ ብዙ ሰው የማያስበው ነገርም አለ፤ ድጋፉ። በእኛ ምሳሌ የመጀመሪያው ግማሽ 9 ሜትር ላይ ሲቆም፣ ከ6 ሜትሩ ኮለን መስመር 3 ሜትር ወጥቶ የተንጠለጠለ ወለል ሆኗል። እንዲንጠለጠል ዲዛይን አልተደረገም። ስለዚህ የዚያ መካከለኛ ክፍል ድጋፍ ሁለተኛው ግማሽ ተሞልቶ በቂ ጥንካሬ እስኪያገኝ ድረስ ከሁለቱም ወገን አይነካም። «የዚህኛው ቀኑ ደርሷል» ብሎ ከመጀመሪያው ግማሽ ሥር ድጋፍ የሚነቅል ካለ አስቁሙት።

አሁን ወደ ፊቱ አያያዝ እንምጣ። ጣውላው በማግስቱ ጠዋት ሲነሳ የምታዩት ፊት ለስላሳ ነው፣ የጣውላውን መልክ ይዟል። ወደ ላይ የሚያይ ፊት ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ የኮለን አናት፣ ከላዩ ወተት የመሰለ ስስ ቅርፊት ታገኛላችሁ። ከውሃው ጋር ወደ ላይ የተንሳፈፈ ደካማ ሲሚንቶና ድቃቂ አሸዋ ነው፣ ሌይታንስ ይባላል። በቁልፍ ስትፍቁት እንደ ዱቄት ይነሳል። በእሱ ላይ የሞላችሁት ኮንክሪት የሚይዘው ዱቄቱን ነው።

ይህን ለማንሳት ርካሹ ጊዜ ኮንክሪቱ ገና «አረንጓዴ» ሳለ ነው። የኮለን አናት ከሆነ በዚያው ቀን ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ ጣውላ የነበረበት ፊት ከሆነ ጣውላው እንደተነሳ። ሰዓቱን በሰዓት አትለኩት፤ አዳማ ቀትር ላይና ደብረ ብርሃን ሌሊት አንድ አይደሉም። በእጅ ለኩት። በአውራ ጣት ስትጫኑት የማይገባ፣ በሽቦ ብሩሽ ስትፍቁት ግን ሊጡ ተነስቶ ጠጠሩ የሚታይ ከሆነ ጊዜው ነው። ጠጠሩ ራሱ እየተነቀለ ከወጣ ቸኩላችኋል። ብሩሹ የሚያንሸራትት ከሆነ ዘግይታችኋል። በውሃና በብሩሽ እያጠባችሁ ጠጠሩ ከግማሽ በታች ብቅ እስኪል ሥሩት። ምን ያህል ሻካራ ይሁን ለሚል፣ እኛም የተቀበልነው ኢኤስ ኢኤን 1992 ሻካራ የሚለው ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ከፍና ዝቅ ያለውን፣ በየ40 ሚሊሜትሩ ገደማ የሚደጋገመውን ነው። ኤሲአይ ከዚያም ከፍ አድርጎ 6 ሚሊሜትር ያህል ይጠይቃል።

ጊዜው ካለፈና ከጠነከረ መሮና መዶሻ ግድ ነው። ግን በቀላል መዶሻ፣ ቅርፊቱን ብቻ። በከባድ መዶሻ የተደበደበ ፊት ሻካራ ይመስላል እንጂ ጠጠሩ ከውስጥ ተላቅቆ፣ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይዞ ይቀራል። ካበቃችሁ በኋላ ቡጭቅጫቂውን በኮምፕረሰር ንፉ፣ እጠቡ። በፌሮው ላይ የተረጨውንና የደረቀውን ኮንክሪትም በሽቦ ብሩሽ አውርዱ።

ቀጥሎ ውሃ። ደረቅ አሮጌ ኮንክሪት አዲሱን እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል፣ ሲሚንቶው በጥም ይቀራል። ስለዚህ ከሙሌቱ በፊት ባለው ቀን በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ አጠጡት። በሙሌቱ ሰዓት ግን ላዩ ላይ የቆመ ውሃ መኖር የለበትም። ፊቱ ጠቆር ብሎ የረጠበ፣ ነገር ግን የማያብለጨልጭ መሆን አለበት። ካብለጨለጨ ያ ውሃ ከመጀመሪያው ሊጥ ጋር ተቀላቅሎ መጋጠሚያውን ያቀጥነዋል።

እና ቦያካ? ብዙዎቻችሁ የምትቆጡብኝ እዚህ ላይ ነው። በጆግ ሲሚንቶና ውሃ በጥብጦ ፊቱ ላይ መድፋት ከአያት የወረስነው ልማድ ነው። የማየው ግን ይህ ነው፤ ጠዋት ይደፋል፣ ሚክሰሩ እስኪነሳ ግማሽ ሰዓት ያልፋል፣ ቦያካው ይደርቃል። ውሃ የበዛበት የሲሚንቶ ቅጠል በሁለት ጥሩ ኮንክሪት መሃል ተኛ ማለት ነው። ስንፍቀው የዋልነውን ሌይታንስ በገንዘባችን ገዝተን መለስነው! ወፈር ያለ ሆኖ፣ ፊቱ ላይ በብሩሽ ታሽቶ፣ ገና እርጥብ ሳለ ወዲያው ኮንክሪት ከተደፋበት አልቃወምም። ነገር ግን ፊቱ ሻካራ፣ ንጹህና እርጥብ ከሆነ፣ አዲሱም ኮንክሪት ጆይንቱ ሥር በደንብ በቫይብሬተር ከተመታ፣ ያለ ቦያካም ይይዛል። ያልጸዳ ፊት ላይ ግን የትኛውም ቦያካ አይረዳም። የእኔ ቅሬታ ቦያካው ላይ አይደለም፤ የብሩሹን ሥራ ለመተካት መምጣቱ ላይ ነው።

ስለ ኮለን አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ኮለን ላይ ጆይንቱ ከቢሙ ሥር ነው፣ ይህ ትክክለኛ ቦታ ነው። ግን ከማንም በላይ የሚረሳው ይህ ፊት ነው፤ ጠባብ ነው፣ በፌሮና በስታፋ የተሞላ ነው፣ የአናጢው መጋዝ ብናኝና የሽቦ ቁራጭ ሁሉ እዚያ ይወድቃል። በአዘቦት ቀን የሕንፃው ክብደት ስለሚጫነው ችግሩ አይታይም። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማን ግን ሕንፃዎቻችን ወደ ጎን ተገፍተዋል። ወደ ጎን ሲገፋ ሸሩ ያንን ፊት ይፈልገዋል። የመጋዝ ብናኝ ሸር አይሸከምም።

አሁን፣ ሁሉ ታቅዶም ቢሆን ነገር ሊበላሽ ይችላል። ሙሌቱ በክፉ ቦታ ቆሞ ከተገኘ መጀመሪያ የሚጠየቀው ኮንክሪቱ በሕይወት አለ ወይ ነው። ቫይብሬተሩን አቁሙበት። በራሱ ክብደት ከገባ፣ ቀስ ብላችሁ ስታወጡትም ቀዳዳው ራሱ ከተዘጋ ገና አልሞተም፤ አዲሱን ጨምራችሁ ሁለቱን አንድ ላይ መምታት ትችላላችሁ። ካልገባ ግን እዚያ ላይ መጨመር ኮልድ ጆይንት መሥራት ነው። በዚህ ጊዜ ቁርጠኛ ውሳኔ ያስፈልጋል፤ ወይ በእጅም እየቦካችሁ ወደ ሚቀጥለው ሢሶ መድረስ፣ ወይ ያልጠነከረውን በአካፋ እያነሳችሁ ወዳለፋችሁት ሢሶ መመለስ። በእኛ ምሳሌ 13.5 ላይ የቆመው ቡድን 14 ለመድረስ የቀረው ግማሽ ሜትር፣ 1.1 ሜትር ኩብ ገደማ ብቻ ነበር። መብራት ይዘው ግማሽ ሰዓት ቢቆዩ ይደርሱ ነበር። ግን መስመሩ የት እንደሆነ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

አድሮ ከጠነከረ ደግሞ ዲዛይን ወደ ሠራው መሐንዲስ ይኬዳል። ተጨማሪ ፌሮ መትከል ወይም ቆርጦ ማንሳት የእሱ ውሳኔ ነው፣ የፎርማኑ አይደለም። ሸፍኖ ማለፍ ግን ይመጣል። የጣሪያ ሶሌታ ከሆነ ውሃ አቁማችሁ ስትፈትሹ ከሥር ቀጥ ያለ የእርጥበት መስመር ታያላችሁ። ቢም ከሆነ ኮለኑ አጠገብ ሰያፍ ስንጥቅ ሆኖ ይመጣል፤ ያኔ ቤቱ ውስጥ ሰው ገብቷል።

ስለዚህ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ለሆናችሁ ልጆቼ የምለው ይህ ነው። የሙሌት ፈቃድ ላይ ስትፈርሙ ፌሮና ፎርምወርክ ብቻ አትቁጠሩ። «ዛሬ ብንቋረጥ የት እናቆማለን?» በሉ። መልሱ በፕላኑ ላይ በቀይ መስመር ተሥሎ፣ ጣውላው ተቆርጦ፣ ሽቦ ብሩሹ መጋዘን ውስጥ ካልተገኘ አትፈርሙ። ኮንትራክተሩ «አንቆምም፣ በአንድ ቀን እንጨርሳለን» ካላችሁ ደግሞ ካልኩሌተር አውጡና ሚክሰሮቹን አብራችሁት ቁጠሩ።

የቤት ባለቤት የሆናችሁ ወዳጆቼም ለበጉ ስትዘጋጁ ያችን ጣውላ ጠይቁ። ከበጉ በጣም ትረክሳለች።